ቦርዱ ቢዝነስ ኬዜን መለሰብኝ፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የመጋዘን_ሰው
ሰላም ለሁላችሁ፣ ረዘም ስላለ ይቅርታ። የምሰራበት ድርጅት የማሽን መለዋወጫ ይይዛል፣ 4 መጋዘን አለን፣ እያንዳንዱ የራሱ ኤክሴል አለው፣ እና አንዱ ጋ የጠፋው እቃ ሌላው ጋ ተቆልሎ ይገኛል፣ ግን ማንም አያውቅም። ማሽን ሲቆም በአስቸኳይ ግዢ በውድ እንገዛለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው እቃ ሶስተኛው መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ስራ አስኪያጁ የስቶክ ሲስተም እንግዛ አለና ቢዝነስ ኬዙን፣ ማለትም ቦርዱ ገንዘቡን ለምን እንደሚያወጣ የሚያስረዳውን ሰነድ፣ እኔ ላይ ጣለው። ጻፍኩ። ቦርዱ ትናንት መለሰው። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው "አማራጮቹ በቂ አይደሉም፣ ጥቅሙ የተጋነነ ይመስላል፣ ተሻሽሎ ይቅረብ" ብቻ ነው።

እውነተኛውን ገንዘብ መጻፍ ስለማልችል ሁሉንም በነጥብ ቀይሬዋለሁ። ወጪው መጀመሪያ 70፣ ከዛ በዓመት 10 ለላይሰንስና ለሰፖርት። ጥቅሙ ደሞ እንዲህ ነው፦ መጋዘን ውስጥ 300 የሚያወጣ እቃ አለ፣ 20 ፐርሰንቱን ስለምንቀንስ 60 ካሽ በመጀመሪያው ዓመት ይለቀቃል። እቃ መያዝ በዓመት የእቃውን 15 ፐርሰንት ያስወጣል ተብሎ ስለሚታሰብ 9 በየዓመቱ ይቀራል። ለአስቸኳይ ግዢ በዓመት የምንከፍለው ጭማሪ 40 ነው፣ ግማሹ ይቀራል ብዬ 20። 6 ሰራተኞች ግማሽ ጊዜያቸው ኤክሴል ላይ ስለሚያልቅ 12። በ5 ዓመት በ10 ፐርሰንት ዲስካውንት አድርጌ ኔት ፕረዘንት ቫልዩው፣ ማለትም የየዓመቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ተቀይሮ ወጪው ሲቀነስ የሚቀረው፣ ፕላስ 102 ወጣ። አማራጮቼ ሶስት ነበሩ፦ ምንም አለማድረግ፣ ሲስተሙን ራሳችን ማሰራት፣ መግዛት። 102 እያለ እንዴት ይመለሳል??

ፈጣን_መልስ
ወንድሜ ቀላል ነው። አንደኛ የእርጅና ቅናሽ አላስገባህም፣ 70ውን ለ5 ከፍለህ በየዓመቱ 14 ወጪ ማድረግ አለብህ። ሁለተኛ 10 ፐርሰንት በጣም ብዙ ነው፣ የእንግሊዝ ግምጃ ቤት የፕሮጀክት መገምገሚያ መመሪያ፣ ግሪን ቡክ፣ 3.5 ነው የሚለው፣ እሱን ብትጠቀም ቁጥሩ የበለጠ ያምራል። ሶስተኛ እስካሁን ለጥናት ምናምን ያወጣችሁት ካለ እሱም መግባት አለበት፣ ቦርድ የተደበቀ ወጪ አይወድም።

የመጋዘን_ሰው
እህቴ በለኝ :) ለአማካሪ 8 ነጥብ ወጥቷል አዎ። ጨምሬ ላስላው?

አዲስ_ጀማሪ
እኔም ቢዝነስ ፕላን እየጻፍኩ ነው ለባንክ ብድር፣ ፎርማቱን የምትልኩልኝ አለ? ኢሜሌን በውስጥ መስመር ልላክላችሁ

ቀይ_እስክሪብቶ
አዲስ ጀማሪ፣ ያንተ ሌላ ነገር ነው። ባንኩ ብድሩን ትመልሳለህ ወይ ነው የሚለው፣ የእሷ ቦርድ ግን ይሄን ገንዘብ እዚህ ላይ ላውለው ወይስ ሌላ ነገር ላይ ነው ጥያቄው። ለብቻው ጠይቅ፣ መላሽ አታጣም።

ልጄ፣ አትጨምሪ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያልፍና ሲወድቅ ያየሁ ሰው ነኝ። ለአማካሪው የወጣው 8 ወጥቷል፣ ቦርዱ እሺ አለም እምቢ አለ አይመለስም፣ ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ግን ፈጣን መልስ ግማሽ እውነት አለው፣ እንዳይደበቅ "እስካሁን 8 ወጥቷል" ብለሽ በአንድ መስመር ታሳውቂያለሽ። የእርጅና ቅናሹ ግን ስህተት ነው። 70ውን መጀመሪያ ሙሉውን ከፍለሻል፣ እንደገና በየዓመቱ 14 ካልሽ አንድ እቃ ሁለቴ ገዛሽ ማለት ነው። እሱ የሂሳብ መዝገብ ላይ ነው ቦታው። 3.5ቷም ለመንግስት ፕሮጀክት የወጣች ናት፣ ዋጋ ንረት ተነስቶላት፣ ለአንድ ድርጅት አይደለችም። የድርጅትሽ ፋይናንስ ክፍል የሚጠቀመው 10 ከሆነ 10 ነው፣ ቁጥሩ እንዲያምር ሬት መቀየር ደሞ ቦርድ ውስጥ ያለ አንድ የባንክ ሰው ወዲያው ነው የሚይዘው።

አሁን ወደ አንቺ። የሚታዩኝ ችግሮች አራት ናቸው።

እቃ መያዝ 15 ፐርሰንት ያስወጣል ያልሽው ውስጥ ምን አለ? አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ድርሻ የታሰረው ገንዘብ ዋጋ ነው፣ ቀሪው ኢንሹራንስ ብልሽት ቦታ። ያንቺ 10 ለገንዘቡ 5 ለሌላው ቢሆን፣ ከ9ኙ 6ቱ የገንዘብ ዋጋ ነው። ግን እኮ 60ውን ካሽ ተለቀቀ ብለሽ ቀድመሽ አስገብተሻል፣ በ10 ፐርሰንት ዲስካውንት ስታደርጊ ደሞ ገንዘብ ቶሎ የማግኘት ጥቅም እዛው ተቆጥሯል። ስለዚህ 6ቱ ሁለተኛ ጊዜ ተቆጠረ፣ የሚቀርሽ 3 ነው።

60ው ራሱ ከየት ይመጣል? ሲስተም ሲገባ እቃ አይቀንስም። እቃ የሚቀንሰው ሳይገዛ ሲቀር፣ ያለው ሲያልቅ ነው፣ ያ ደሞ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ከ300ው ሁለት ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ስንት ነው? እሱን ሲስተሙ ያሳይሻል እንጂ አይሸጥልሽም።

የሰራተኛው 12፣ ማን ነው ደሞዙ የሚቀረው? ማንም ካልሆነ ጊዜ ተረፈ እንጂ ገንዘብ አልተረፈም። ጥሩ ነገር ነው፣ ጻፊው፣ ግን ከካሹ ጋር አትደምሪው።

የአስቸኳይ ግዢው ግማሽ ከየት መጣ? ሂጂና የባለፈው ዓመት አስቸኳይ ግዢዎችን አንድ በአንድ አውጪ። እቃው ሌላ መጋዘን እያለ የተገዛው ስንት ነው፣ አቅራቢ ዘግይቶ የተገዛው ስንት ነው፣ ማንም ሊገምተው የማይችል ብልሽት ስንት ነው። ሲስተም የሚያድነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ባርኮድ_ተጎጂ
ኧረ ስለ ሲስተም አታንሱብኝ። እኛ ጋ ተገዛ፣ ስካነር መጣ፣ ስልጠና ተሰጠ፣ ኬክ ተቆረጠ። ከሶስት ወር በኋላ እቃ ግምጃ ቤት ያሉት ልጆች እቃ ሲያወጡ ወረቀት ላይ እየጻፉ አርብ ከሰዓት ቁጭ ብለው የሳምንቱን በአንዴ ሲያስገቡ አገኘናቸው፣ ምክንያቱም አንድ እቃ አራት ኮድ አለው፣ ሲስተሙ ላይ ትክክለኛውን ፈልጎ ማግኘት አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ ሜካኒኩ ደሞ ቆሞ ይጮህበታል። ስለዚህ ሲስተሙ ከሰኞ እስከ አርብ ይዋሻል። ድሮ ኤክሴሉ እንደሚዋሽ ሁሉም ያውቅ ነበር፣ አሁን ግን ስክሪን ላይ ስለሆነ ይታመናል፣ ያ ነው የባሰው።

የመጋዘን_ሰው
ቀይ እስክሪብቶ በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን ልቤን ሰበሩት :( ሄጄ ፋይሎቹን ላውጣ። ባርኮድ፣ እኛም ጋ አንድ እቃ ብዙ ኮድ አለው፣ ኮድ ለማጽዳት ወጪ አልያዝኩም እኮ!

ቀይ_እስክሪብቶ
ያ ማለት 70ው የሻጩ ፕሮፎርማ ብቻ ነው። ኮድ ማጽዳት፣ ሙሉ ቆጠራ፣ ስልጠና፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱባቸው ወራት፣ ከስራቸው ተነስተው ፕሮጀክቱ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች፣ እነዚህ የሻጭ ወረቀት ላይ አይገኙም። ጨምሪ።

ጸሐፊት
እኔ የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ልንገርሽ። አንድ ስብሰባ ላይ ሰባት ስምንት አጀንዳ ነው ያለው፣ አብዛኞቹ አባላት ወረቀቱን የሚያነቡት መኪና ውስጥ ነው፣ አንደኛው ገጽና የአማራጮቹ ሰንጠረዥ ላይ ያበቃል። እዛ ላይ የሚፈልጉት ምን እንድንወስን ነው የምትጠይቁን የሚለውን ነው። "ቦርዱ ሲስተሙን እንዲደግፍ" ውሳኔ አይደለም። ስንት ገንዘብ፣ ከየትኛው በጀት፣ መቼ ይለቀቅ፣ ያ ነው ውሳኔ።

አማራጭ ላይ ደሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንቺ ሶስት አማራጮች አንድ አማራጭ ናቸው። "ምንም አለማድረግ" እንዲወድቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው፣ "ራሳችን ማሰራት"ን ደሞ ማንም ጤነኛ ሰው አይመርጠውም፣ ስለዚህ "መግዛት" ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ። ቦርድ ይሄን ያሸታል። ሁሌ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፣ በትንሽ ገንዘብ አብዛኛውን ችግር የሚፈታ ነገር የለም ወይ? እሱን ራስሽ ቀድመሽ ካላቀረብሽ እነሱ ያመጡታል፣ ያኔ መልስ የለሽም።

ፈጣን_መልስ
ጸሐፊት እንዳለችው። ግን እኔ ፔይባክ ነው የምመክረው፣ ቦርድ ኔት ፕረዘንት ቫልዩ አይገባውም፣ በስንት ዓመት ይመለሳል በቃ።

ጸሐፊት
ይጠይቃሉ አዎ፣ ስለዚህ አስቀምጪው። ግን ፔይባክ ብቻውን ከሆነ ከተመለሰ በኋላ ያለውን አያይም።

የመጋዘን_ሰው
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። እንቅልፍ የለኝም ግን ቁጥር አለኝ።

የባለፈው ዓመት አስቸኳይ ግዢ በብዛት 48 ነበር። አንድ በአንድ አየሁ። እቃው ሌላ መጋዘን ውስጥ እያለ ወይም መዝገቡ ተሳስቶ የተገዛው 19 ነው። ቀሪው 29 አቅራቢ የዘገየ ወይም ድንገተኛ ብልሽት ነው። ስለዚህ ከ40ው ሲስተም ሊነካው የሚችለው 16 አካባቢ ነው፣ ሁሉንም ይይዛል ማለት ስለማይቻል 12 አልኩ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ደሞ ግማሹን 6። ከ300ው እቃ 80ው ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነካም!! ስለዚህ የሚለቀቀውን ካሽ ወደ 30 አወረድኩት፣ እሱም በሁለተኛው ዓመት። የገንዘቡን ዋጋ አውጥቼ ከዛው ዓመት ጀምሮ የመያዣ ወጪው ላይ የሚቀረው 1.5 ብቻ ሆነ። ከ6ቱ ሰራተኞች አንዱ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣል፣ እሱ ካልተተካ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ 4 ይተርፋል፣ የሌሎቹን ጊዜ በጽሁፍ ብቻ ነው ያስቀመጥኩት። የመጀመሪያ ወጪው ከቆጠራው፣ ከኮድ ማጽዳቱና ከስልጠናው ጋር 100 ሆነ።

ውጤቱ ማይነስ 57።

ሶስት ጊዜ አሰላሁት። 102 የነበረው ማይነስ 57።

ከዛ ጸሐፊት ያልሽውን ትንሹን አማራጭ አማራጭ ሁለት ብዬ ሰራሁ። ሲስተም የለም። ኮዱን እናጸዳለን፣ 4ቱን ኤክሴል ወደ አንድ የጋራ መዝገብ እናመጣለን፣ አንድ ሰው በግማሽ ቀን ዋና ዋናዎቹን እቃዎች በየሳምንቱ ተራ በተራ ይቆጥራል። መጀመሪያ 15፣ በዓመት 4። አስቸኳይ ግዢ ላይ 7 ያድናል፣ መጀመሪያው ዓመት 3። ካሽ 20 በሁለተኛው ዓመት፣ ከዛ ጀምሮ የመያዣ ወጪ 1። ፕላስ 12 ወጣ።

ስራ አስኪያጁ ግን ሲስተሙን አስቀድሞ መርጧል፣ ሻጩንም አናግሯል። እኔ ምን ብዬ ነው ይሄን ይዤ ቢሮው የምገባው?

ቀይ_እስክሪብቶ
በርቺ፣ ጥሩ ስራ ነው የሰራሽው። አሁን አንድ ነገር ጨምሪ፣ ከማይነስ 57ቱ በላይ የሚያሳምነው እሱ ነው። ሲስተሙ ዜሮ ላይ እንዲደርስ አስቸኳይ ግዢ ላይ በዓመት ስንት ማዳን አለበት? ሌላውን ሳትነኪ ወደ ኋላ አስይው።

የመጋዘን_ሰው
29 ወጣ። ከ40ው 29።

ቀይ_እስክሪብቶ
እና ሊነካው የሚችለው 16 ብቻ ነው። አየሽ፣ ስራ አስኪያጅሽ "ግምትሽ ጨለምተኛ ነው" ቢልሽ በግምት መከራከር የለብሽም። 19ኙ ግዢ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ አይደርስም። ለትንሹ አማራጭም እንዲሁ አድርጊ፣ እሱም የሚሰበርበት ነጥብ አለው።

የመጋዘን_ሰው
እሱ የሚሰበረው ካሹ ጋ ነው። 20 ይለቀቃል ያልኩት ከ8 በታች ከወረደ ማይነስ ይገባል። እና እውነት ለመናገር 20ው ግዢ ክፍል እጁን ከሰበሰበ ነው፣ እነሱ ደሞ "ለማንኛውም" ብለው ነው የሚገዙት።

ጸሐፊት
እንግዲያው የዛ ጥቅም ባለቤት የግዢ ኃላፊው ነው። ስሙ ሰንጠረዡ ላይ ከቁጥሩ ጎን ይግባ፣ ከመግባቱ በፊት ግን አነጋግሪው፣ ቦርድ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያየው። "አልፈርምም" ካለ 20ው ቁጥር አይደለም፣ ምኞት ነው።

ፈረቃ_ሶስት
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ እኔ ምርት ክፍል ነኝ በሌላ ድርጅት። የምታወሩት ሁሉ ስለ መለዋወጫ ዋጋ ነው። ማሽኑ ቆሞ የሚጠፋው ምርትስ? እኛ ጋ አንድ የጠፋ ቤሪንግ ሁለት ፈረቃ አቁሞናል፣ የቤሪንጉ ዋጋ ከዛ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። እሱ ሳይገባ ማይነስ 57 ማለት ትክክል አይመስለኝም።

የመጋዘን_ሰው
ውይ። ትክክል ነህ። ምርት ክፍልን ጠይቄያቸው ነበር፣ ማሽን ስንት ሰዓት እንደቆመ ይጽፋሉ፣ በምን ምክንያት እንደቆመ ግን አይጽፉም። መለዋወጫ ፍለጋ ይሁን ሌላ አይታወቅም።

ቀይ_እስክሪብቶ
ፈረቃ ሶስት ትልቅ ነገር አነሳ፣ እኔም ስቼዋለሁ። ግን የሌለ ቁጥር አትፍጠሪ። በተቃራኒው አስቀምጪው፦ ከዚህ ስሌት ውጪ የቀረ አንድ ጥቅም አለ፣ መጠኑ አልተመዘገበም፣ ሲስተሙ ከትንሹ አማራጭ ጋር እንዲተካከል ግን የሚያድነው የማሽን መቆም ትንሹ ከሚያድነው በዓመት 21 ነጥብ ያህል፣ መጀመሪያው ዓመት ላይ ግማሹን ያህል፣ መብለጥ አለበት። ቦርዱ ውስጥ ምርት የሚያውቅ ሰው ካለ 21 ምክንያታዊ ነው ወይስ ህልም ብሎ ራሱ ይፈርዳል።

ፈረቃ_ሶስት
እኛ ጋ ቢሆን 21 ቀላል ነው። እንደ ማሽኑ ነው እንግዲህ።

ባርኮድ_ተጎጂ
ትንሹ አማራጭ ኮዱን ካጸዳ በኋላ ሲስተም ቢገባ እኮ እንደኛ አይሆንም ነበር። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ።

ቀይ_እስክሪብቶ
ልክ ነው፣ ያንን ጻፊ። ከ15ቱ ውስጥ ሲስተም ቢመጣም ባይመጣም የሚሰራ ስራ ስንት ነው?

የመጋዘን_ሰው
12 ገደማ፣ ቆጠራውና ኮዱ። ከጋራ መዝገቡ 3 ብቻ ነው የሚጣለው ሲስተም ከገዛን።

እሺ የውሳኔ ሃሳቡን እንዲህ ጻፍኩት፣ ቀይ ማስመሪያችሁን አውጡ፦

"ቦርዱ 15 ነጥብ ከዘንድሮ የካፒታል በጀት እንዲለቅ፣ በዓመት 4 ነጥብ የስራ ማስኬጃ እንዲጨምርና ለአማራጭ ሁለት እንዲውል እንዲወስን እንጠይቃለን። የሲስተም ግዢ በዚህ ስብሰባ ውሳኔ አይጠየቅበትም። ከ9 ወር በኋላ ሶስት ነገር ይዘን እንመለሳለን፦ በቆጠራ ወቅት መዝገቡና መደርደሪያው ስንት ጊዜ እንደተስማሙ፣ እቃ እያለ የተደረገ አስቸኳይ ግዢ ብዛት፣ እና በመለዋወጫ እጦት ማሽን የቆመበት ሰዓት። ሶስተኛው ከዚህ ወር ጀምሮ በምርት ክፍል ይመዘገባል። እስካሁን ለጥናት የወጣው 8 ነጥብ በስሌቱ ውስጥ የለም።"

ጸሐፊት
በጣም ጥሩ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከ9 ወር በኋላ ምን ውጤት ቢመጣ ሲስተሙን እንደምትጠይቁ፣ ምን ቢመጣ ደሞ እንደምትተዉት አሁን ጻፉት። ያኔ ከሆነ ሁሉም ቁጥሩን ወደ ፈለገበት ይጎትተዋል።

ፈጣን_መልስ
እኔ አሁንም ስራ አስኪያጁን መቃወም አደገኛ ነው ባይ ነኝ። አማራጭ ሶስትን ተመራጭ አድርገሽ ስጋቶቹን ከስር ብትጽፊ አይሻልም?

ቀይ_እስክሪብቶ
ማይነስ 57 ከላይ ተመራጭ ተብሎ ከስር ስጋት ቢጻፍበት የሚፈርመው ማን እንደሆነ አስብ። ስሟ ነው ያለው ወረቀቱ ላይ።

የመጋዘን_ሰው
ዛሬ ገባሁ ቢሮው። 48ቱን ግዢ በዝርዝር አሳየሁት፣ ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ዜሮ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገውን 29 ከ16ቱ ጋር ሳሳየው "ሻጩ ይሄን አልነገረኝም" አለ። ግን ሲስተሙን ከሰነዱ ሙሉ በሙሉ እንዳላወጣ ነው የሚፈልገው፣ እሺ አልኩ፣ ማይነሱ ሳይነካ አማራጭ ሶስት ሆኖ ይቀመጣል። የግዢ ኃላፊው ደሞ ከ20ው 14ቱን ብቻ እፈርማለሁ አለ፣ ስለዚህ ውጤቱ ከ12 ወደ 6 ገደማ ወረደ። በ14 ነው የማስገባው።

የጸሐፊት ጥያቄ ላይ ነው የቀረሁት። መዝገቡ ከመደርደሪያው ጋር ከ100 ቆጠራ ስንት ጊዜ ቢስማማ ነው ለሲስተም ዝግጁ ነን የሚባለው? ስራ አስኪያጁ 80 ይበቃል ይላል።

ባርኮድ_ተጎጂ
80 ከሆነ ከአምስት እቃ አንዱ ውሸት ነው። እኛ የጀመርነው እዛ አካባቢ ላይ ነበር።

ፈረቃ_ሶስት
ሁሉም እቃ እኩል አይደለም ግን። ማሽን የሚያቆሙት ላይ 98 ጠይቂ፣ ብሎንና ዋሸር ላይ 80ም ችግር የለውም።

ቀይ_እስክሪብቶ
እኔ ለሁሉም 95 እል ነበር፣ ግን የፈረቃ ሶስት አከፋፈል የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። የትኞቹ ናቸው ማሽን የሚያቆሙት የሚለውን ዝርዝር ማን ነው የሚያወጣው፣ አንቺ ወይስ ምርት ክፍል?

የመጋዘን_ሰው
እስካሁን ማንም። ሰኞ ምርት ክፍል እገባለሁ።